«ፊውቸር ፕሩፍ» ካርድ ምንድን ነው? ዛሬ የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ስንት ዓመት ይከርማል?

ካርድ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ይከርምልኛል?» ብሎ ነው። ሻጩም ሳያቅማማ «አምስት ዓመት፣ አትጠራጠር» ይላል። አምስቱ ዓመት ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። «ፊውቸር ፕሩፍ» የሚሉት ነገር ይሄው ነው፤ ዛሬ ትንሽ ጨምሮ ከፍሎ፣ ነገ ሌላ ካርድ ከመግዛት መዳን።

ካርድ በፍጥነት ብቻ አያረጅም። እንዲያውም የፍጥነቱ እርጅና በጣም ቀላሉ ነው። የጥላውንና የነጸብራቁን ጥራት ትቀንሱና ጨዋታው ይቀጥላል። ክፉዎቹ ሌሎች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ካርዱ አዲስ የመጣውን ነገር ጭራሽ አለማወቁ ነው። በሐምሌ 2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አርኤክስ 5700 ኤክስቲ እና አርቲኤክስ 2060 ሱፐር በአንድ ወር ወጡ። የሁለቱም ዋጋ 399 ዶላር፣ የሁለቱም ሜሞሪ 8 ጊጋባይት። በጊዜው በአብዛኛው ጌም ፈጣኑ 5700 ኤክስቲ ነበር። እኔም ብጠየቅ እሱን ግዙ ነበር የምለው። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ግን ሬይ ትሬሲንግ፣ ማለትም የብርሃንን ጉዞ እያሰላ መሣል፣ የሚችል ካርድ ግድ ይላል። 2060 ሱፐር ዝቅተኛው መስፈርት ላይ ስሙ ተጻፈ። 5700 ኤክስቲ ያ ነገር የለውምና ፍጥነቱ ምንም አልፈየደለትም።

ሁለተኛው የሜሞሪ ማነስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው በዚህ ነው። አንድ ጓደኛዬ አርቲኤክስ 3070 አለው፣ 8 ጊጋባይት። የሚያሳየው ቁጥር በሰከንድ 70 ፍሬም ነው፣ ግን በየጥጉ ሲዞር ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ግድግዳው ደብዝዞ ይቆይና ዘግይቶ ይጠራል። ካርዱ ተበላሸ ብሎ ሊሸጠው ነበር። Task Manager ከፍተን አየን። Dedicated GPU memory፣ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ፣ ጢም ብሏል፤ ቀጥ ባለ ቁጥር Shared GPU memory ይጨምራል። ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለካርዱ ሩቅና ቀርፋፋ ነው። ቴክስቸሩን፣ ማለትም ግድግዳውንና ዕቃውን የሚያለብሰውን ሥዕል፣ ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግነው፣ መንተባተቡ ጠፋ። ቺፑ አልደከመም፤ ቦታ ነው ያጠረው። የሚያናድደው፣ ቦታ እስካለ ድረስ ከፍተኛ ቴክስቸር ፍጥነት የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው።

ሜሞሪው ለምን አጠረ? የጌም ሠሪዎች ልክ የሚወስዱት ከኮንሶል ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ጌሙና ግራፊክሱ የሚጋሩት 16 ጊጋባይት አለው። ለፕሌይስቴሽን 4 መሥራት ሲያቆሙ የቴክስቸሩ መጠንም አብሮ አደገ።

ዓመቱን ለመገመትም ይሄው ኮንሶል ሰዓት ሆኖ ያገለግላል። ፕሌይስቴሽን 4 በኅዳር 2013፣ ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2020 ወጣ፤ ሰባት ዓመት። ከዚያም በኋላ ትልልቅ ጌሞች ለአሮጌው መውጣታቸውን ወዲያው አላቆሙም። ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ በኅዳር 2022 ለሁለቱም ወጥቷል። ቀጣዩ ኮንሶል ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ይመጣል ብንል፣ 2027 ወይም 2028 ነው። የሽግግሩን ሁለት ዓመት ስንጨምር፣ ጌሞች እስከ 2030 አካባቢ በፕሌይስቴሽን 5 ልክ ይሰፋሉ።

አሁን አርቲኤክስ 5060 ቲአይን እንውሰድ። በሚያዝያ 2025 ሲወጣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 379፣ ባለ 16ቱ 429 ዶላር ነበር። ቺፑ አንድ ነው፣ ከፕሌይስቴሽን 5ም ይፈጥናል። ባለ 16ቱን በ2025 የገዛ ሰው ሴቲንጉን ቀስ በቀስ እየቀነሰ አምስት ዓመት ያህል ይሄድበታል ብዬ እገምታለሁ። በዓመት 86 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ባለ 8ቱ ገና ከጅምሩ በአንዳንድ ጌም ቴክስቸር አስቀንሷል። ሦስት ዓመት ቢቆይ በዓመት 126 ዶላር ነው። ሃምሳ ዶላር የቆጠበው ሰው በውድ ገዛ።

ግምቱ የሚሠራው ስክሪናችሁን ካልቀየራችሁ ነው። ከ1080ፒ ወደ 4ኬ ስትሄዱ ካርዱ የሚሥለው ፒክስል አራት እጥፍ ስለሚሆን አምስቱ ዓመት ይቀልጣል።

«እንግዲያው በጣም ውዱን ልግዛና ልገላገል» የሚልም አለ። አርቲኤክስ 2080 ቲአይ በ2018 ሲወጣ ከ999 ዶላር ይጀምር ነበር። ከሁለት ዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ በጥቅምት 2020፣ 3070 ያንኑ የሚያህል ፍጥነት በ499 ዶላር ይዞ መጣ። 2080 ቲአይ ግን 11 ጊጋባይት ነበረው። ጓደኛዬ ቤት ስክሪኑን ቀጥ ያደረገው ጌም እሱ ላይ ቴክስቸር ሳያስቀንስ ይሄዳል።