የጴጥሮስ ሰይፍና የጨሞጋ ሙላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል አክብረን ስንመለስ የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ድልድዩ ትንሽ ያዞራል። አንዱ ጎረምሳ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና ገባ። ጓደኞቹ ያቅራራሉ። ውሃው ወሰድ አድርጎት ነበር፤ ደግነቱ ቁጥቋጦ ይዞ ወጣ። «ጀግና!» ተባለ። ዳር የቀረው ጓደኛው ደግሞ «ቦቅቧቃ» ተባለ። እኔን ያሳዘነኝ ካጨበጨቡት መካከል እኛ ትልልቆቹም መኖራችን ነው።

ድፍረት ሁሉ ጀግንነት ነው ያለን ማነው? ግሪካዊው አርስቶትል በጎ ምግባርን በሁለት ጥፋቶች መካከል ያስቀምጠዋል። አንዱ በማነስ፣ ሌላው በመብዛት ያጠፋል። ፈሪ ከሚገባው በላይ ይፈራል። ጭፍን ደፋር መፍራት ያለበትንም አይፈራም። ጀግና ግን ፍርሃቱ እያለ፣ ለሚገባ ነገር በሚገባው ጊዜ ይቆማል።

መካከል ሲባል ግማሽ ማለት አይደለም። እስከ ጉልበት ብቻ ወንዝ መግባት ጀግንነት አይሆንም! ለትልቅ ትግል ገጣሚ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ይበዛል፤ ልኩ እንደ ሰዉና እንደ ነገሩ ነው። ያን ቀን ውሃው ሕፃን ወስዶ ቢሆንስ? ዋና የሚችል ሰው ዳር ቢቆም ፈሪ ነበር። ዋና የማይችል ዘሎ ቢገባ ሁለት ሬሳ ነበር የምናወጣው። የእሱ ጀግንነት ገመድ ወርውሮ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ጫፉን አለመልቀቅ ነው። ጎረምሳው ግን ለምን ገባ? ለጭብጨባ።

የበዓሉን ባለቤት የምወደው እዚህ ላይ ነው። አርስቶትል ጭፍን ደፋር ከአደጋው በፊት ይቸኩላል፣ አደጋው ሲመጣ ያፈገፍጋል ይላል። ጴጥሮስም ማታ «እኔ ከቶ አልሰናከልም» አለ። ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ዶሮ ሳይጮኽ ግን እሳት ዳር አንዲት ገረድ ብትጠይቀው «አላውቀውም» አለ። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ጫፍ ነካ። አይ ጴጥሮስ! እኛም እኮ እንዲሁ ነን።

ግን እዚያ አልቀረም። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይ ያው ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ በግልጥ ሲመሰክር እናገኘዋለን። ሰይፍ የለም፣ ፉከራ የለም።

አርስቶትል ሌላም ምክር አለው። የጎበጠ እንጨት የሚቃናው ወደ ተቃራኒው ሲለመጥ ነው። ፈሪ ወደ ድፍረት፣ ደፋር ወደ ጥንቃቄ ራሱን ይግፋ፤ ጀግንነት የሚገኘው ደጋግሞ በመሥራት ነውና። ያ ልጅ ውሃውን አልፈራም፤ የፈራው ሳቅን ነው። ሳቁን የቻለው ዳር የቀረው ጓደኛው ነበር። እንግዲህ ልጄ፣ በሚቀጥለው እየሳቁብህ በድልድዩ ዙር። እኛ ትልልቆቹም እጃችንን ነጠላችን ውስጥ እንያዝ።