«መቀደም 200 ነው» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? ስለ ፔንሲያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መቀደሙ 200 ነው ተብያለሁ። እንግዲህ ከ200 ወር በኋላ ብሬ አልቆ ክፍያው ይቆማል ማለት ነው።»

አይቆምም። መቀደም በእስራኤል ፔንሲያ፣ ማለትም በጡረታ ቁጠባ፣ የወር ክፍያን ለማስላት የሚካፈሉበት ቁጥር ነው። ያንን ያሉኝ አጎቴ ናቸው። 67 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀር ከፔንሲያ ድርጅታቸው ወፍራም ፖስታ ደረሳቸው። የዕብራይስጥ ደብዳቤ ማንበብ ስለማይሆንላቸው ይዘውት እኔ ቤት መጡ። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። አጎቴ በእርሳስ አንድ ቁጥር አክብበው ነበር፦ 200። ከጎኑ «16 ዓመት ከ8 ወር» ብለው ጽፈዋል። «83 ዓመት ከ8 ወር ሲሆነኝ ማን ያበላኛል?» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡበት እንዳደሩ ያስታውቅ ነበር።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ቀረን ፔንሲያ የሚባለው የጡረታ ፈንድ እንዲህ ይሠራል። በሥራ ዘመን ከደመወዝዎ 6 በመቶ እርስዎ፣ 6.5 በመቶ አሠሪው፣ ለፒጹዪም፣ ማለትም ሥራ ሲለቁ ለሚሰጠው ካሳ፣ ደግሞ 6 በመቶ አሠሪው ያስገባሉ። ሁሉም በስምዎ ይጠራቀማል። ጡረታ ሲወጡ የተጠራቀመው ለመቀደም ይካፈላል፤ የሚወጣው ቁጥር የወር ክፍያዎ ነው። አጎቴ 600,000 ሼቄል ነበራቸው (ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ)። ለ200 ሲካፈል በወር 3,000 ሼቄል ይሆናል።

መቀደም ለማካፈያ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ነው። የክፍያው ዘመን ግን ዕድሜ ልክ ነው። አጎቴ 95 ዓመት ቢኖሩ 336 ወር ይከፈላቸዋል። ጭማሪና ቅናሽ ሳይቆጠር ከአንድ ሚሊዮን ሼቄል በላይ ነው። ያጠራቀሙት 600,000 ብቻ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ቀሪው ከየት ይመጣል? ከሁለት ቦታ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ክፍያው ከጀመረም በኋላ በኢንቨስትመንት ላይ ይቆያል፤ ትርፍ ያመጣል። ሁለተኛ፣ በ70 ዓመታቸው ያረፉ ሰዎች ሳይጠቀሙበት የቀረው ገንዘብ በፈንዱ አባላት ማኅበር ውስጥ ይቀራል፤ ረጅም ዕድሜ ላገኙት ይከፈላል። ለአጎቴ በእድር መሰልኳቸውና ገባቸው። እድር ለቀብር ያዋጣል፤ ይህኛው ደግሞ ዕድሜው ለረዘመ ሰው የሚያዋጡት ነው።

«የወንድ አማካይ ዕድሜ 81 ነው። ታዲያ በ67 ለወጣ ሰው ለ14 ዓመት ብቻ ማስላት ነበረባቸው። እየቀነሱብን ነው።»

81 የሚባለው ዛሬ ለሚወለድ ሕፃን ነው። በዚያ አማካይ ውስጥ በልጅነቱ የሞተውም፣ በ40 ዓመቱ በመኪና አደጋ ያለፈውም አለ። 67 የደረሰ ሰው ግን እነዚያን ሁሉ አልፏል። ስለዚህ ከ67 በኋላ የሚጠበቅለት ወደ 18 ወይም 19 ዓመት ነው እንጂ 14 አይደለም። አስሊዎቹ የሕክምና መሻሻልንም ይጨምሩበታል። ዛሬ 67 የሆነው ሰው 80 ሲደርስ፣ የዚያን ጊዜው ሕክምና ከዛሬው የተሻለ እንደሚሆን ታሳቢ ያደርጋሉ።

አሁን 19 ዓመትን ወደ ወር እንለውጠው፤ 228 ይሆናል። ገንዘቡ ምንም ትርፍ ባያመጣ ኖሮ ላላገባ ወንድ መቀደሙ ወደ 228 ይጠጋ ነበር። 600,000 ለ228 ሲካፈል 2,630 ሼቄል ገደማ ነው። ትርፉ ገና ከመነሻው ስለሚታሰብለት ግን መቀደሙ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ያኔ 3,333 ይሆናል። እንግዲህ መቀደሙ ከሚጠበቀው የዕድሜ ወር ማነሱ ለእኛ የሚጠቅም ነው።

ዕድሜ ሲረዝም ምን ይሆናል? የሚጠበቀው ዕድሜ ከ19 ወደ 20 ዓመት ከፍ ቢል፣ 180 የነበረው ለምሳሌ ወደ 186 ገደማ ሊሄድ ይችላል። ክፍያውም ከ3,333 ወደ 3,226 ይወርዳል። አንድ ዓመት የዕድሜ ጭማሪ በወር 100 ሼቄል ገደማ ይወስዳል፣ ለሕይወት ዘመን በሙሉ። በ1957 የተወለደውና በ1980 የተወለደው እኩል ብር ይዘው፣ እኩል በ67 ቢወጡም የወጣቱ ክፍያ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ልጆቻችን ከእኛ የበለጠ ይኖራሉ ተብሎ ስለሚጠበቅ ያው ብር ብዙ ወር መሸፈን አለበት።

«በሁለተኛው ወር ብሞት ድርጅቱ ይበላዋል።»

ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ፍርሃቱም ይገባኛል። ቀረን ፔንሲያ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ወደ አባላቱ ማኅበር እንጂ ወደ ድርጅቱ ኪስ አይገባም። ድርጅቱ የሚወስደው የአስተዳደር ክፍያ ነው። ለቤተሰብ የሚቀረው ነገር ግን ጡረታ ሲወጡ በሚፈርሙት ወረቀት ይወሰናል። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በኋላ ምርጫውን መቀየር አይቻልምና።

አጎቴና ባለቤታቸው ጠረጴዛው ላይ የተከራከሩት በዚሁ ነበር። ቅጹ ባል ቢሞት ሚስት ከክፍያው ስንት በመቶ ታግኝ ብሎ ይጠይቃል። የተለመደው 60 በመቶ ሲሆን ከ30 እስከ 100 መምረጥ ይቻላል። የአጎቴ መቀደም 200 የሆነው በ60 በመቶ ነው፤ ብቸኛ ቢሆኑ ወደ 180 ይወርድ ነበር። ልዩነቱ በወር 333 ሼቄል ነው። ይህ የባለቤታቸው ኢንሹራንስ ዋጋ ነው በሉት። እሳቸው 3,000 ያገኛሉ፤ ቢቀድሟቸው ባለቤታቸው 1,800 ይቀጥልላቸዋል፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው። የሚስት ዕድሜ እንደሚገባበትም ልብ በሉ። ሚስት በጣም ወጣት ከሆነች ማኅበሩ ለረጅም ጊዜ መክፈል ስላለበት መቀደሙ ከፍ ይላል።

ሌላም አማራጭ አለ። የተወሰነ ወር፣ እስከ 240 ወር ድረስ፣ ዋስትና ይደረግልኝ ማለት ይቻላል። ጡረተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሞት ቀሪው ወር ለወራሾቹ ይከፈላል። እሱም መቀደሙን ከፍ ያደርገዋል። የትዳር ጓደኛ ለሌለውና ለልጆቹ ማስቀረት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። የትዳር ጓደኛ ላለው ግን እኔ መጀመሪያ የምመክረው የሚስትን ወይም የባልን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። ለልጆች የሚቀረው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

«62 ልይዝ ነው። እንደሚፈቀድልኝ ወዲያው ብጀምር ይሻላል፤ ቀድሞ የያዘ ያተርፋል።»

ቀረን ፔንሲያ ከ60 ዓመት ጀምሮ ክፍያ ይፈቅዳል። ነገር ግን ቀድሞ መጀመር ሁለት ነገር ያስከፍላል። መቀደሙ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም የሚከፈለው ዘመን ይረዝማል። የተጠራቀመውም ለማደግ ጊዜ አያገኝም።

በወር 7,000 ሼቄል የምታገኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንውሰድ። በ62 ዓመቷ 400,000 አላት። መቀደሟ 215 ቢሆን በወር 1,860 ገደማ ታገኛለች። እስከ 67 ብትሠራስ? 400,000ው በዓመት 3 በመቶ ቢያድግ ከ460,000 በላይ ይሆናል። የአምስት ዓመት መዋጮ ደግሞ ወደ 80,000 ይጨምራል። 540,000 ለ190 ሲካፈል 2,840 ገደማ ነው። ወደ 1,000 ሼቄል ልዩነት አለው፣ በየወሩ።

ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም። ወገብ ይዞት መሥራት ያቃተውን ሰው «አምስት ዓመት ጨምር» ማለት ተገቢ አይደለም። ከባድ ሕመም ያለበት ሰውም ስሌቱ ይለያል፤ ማኅበሩ ጤናን ሳይጠይቅ በዕድሜ ሠንጠረዡ ነው የሚያሰላው።

«ሥራ ስቀይር ፒጹዪሙን ባወጣው ምን ይጎዳል? ትንሽ ብር ናት።»

ከ18.5 በመቶው ውስጥ 6ቱ ናት። ሲሶ ገደማ። ሥራ በቀየሩ ቁጥር ፒጹዪሙን የሚያወጡ ሰዎች ከጡረታቸው ሲሶውን እያወጡ ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጡ 40,000 ሼቄል አውጥተው ሶፋና ቴሌቪዥን ገዝተዋል። ያ ገንዘብ ቢቆይ ትርፉን እንኳ ሳይቆጥሩ ለ200 ሲካፈል በወር 200 ሼቄል ነበር። ይህን ስነግራቸው ሶፋው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ዝም አሉ። በተለይ የእኛ ማኅበረሰብ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው ማጠራቀም የጀመረው። ሁሉንም አሠሪ የሚያስገድደው የፔንሲያ ድንጋጌ የመጣው በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት በጽዳትና በጥበቃ የሠሩ ብዙዎች ምንም አልተቀመጠላቸውም። ጊዜው አጭር ለሆነ ሰው እያንዳንዷ ሼቄል ትለያለች።

«ወኪሉ የድሮውን ኢንሹራንስ ዘግተህ ወደ አዲሱ እናዛውርልህ ብሎኛል። የአስተዳደር ክፍያው ርካሽ ነው።»

ከመፈረምዎ በፊት የድሮው ፖሊሲ መቼ እንደተከፈተ ይመልከቱ። ከ2013 በፊት የተሸጡ ብዙ ቢቱዋህ መነሃሊም የሚባሉ የጡረታ ኢንሹራንስ ፖሊሲዎች ውስጥ መቀደሙ በውል የተረጋገጠ ነው። ሰዎች ምን ያህል ረጅም ዕድሜ ቢኖሩም ኩባንያው ሊቀይረው አይችልም። ቀረን ፔንሲያ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ዋስትና የለውም። ተቆጣጣሪው የመንግሥት ባለሥልጣን የዕድሜ ሠንጠረዡን ሲያድስ ይቀየራል፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ክፍያው እንደ ማኅበሩ ሒሳብ ከፍና ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ወኪሉን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «በፖሊሲዬ ላይ የተጻፈው መቀደም ስንት ነው፣ በውል የተረጋገጠ ነው ወይ?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አንዴ ከተዘዋወረ የድሮውን ቁጥር ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

«የመታወቂያዬ ዕድሜ ትክክል አይደለም፤ ግን ከፔንሲያ ጋር ምን አገናኘው?»

ማኅበሩ የሚያሰላው በመታወቂያው ላይ ባለው የልደት ቀን ነው። ከኢትዮጵያ ስንመጣ የብዙ ወላጆቻችን ቀን በግምት ነው የተመዘገበው፤ ጃንዋሪ 1 ላይ ተወለዱ የተባሉ ስንት ጎረቤቶች አሉን። መታወቂያው ሦስት ዓመት ካሳነሰ፣ የሚወጡበት ጊዜ ሦስት ዓመት ይገፋል። 70 ዓመት የሆነው ሰው 67 ነው ተብሎ በከፍተኛው መቀደም ይሰላለታል። ዕድሜን በፍርድ ቤት ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ማስረጃና ጊዜ ይፈልጋል። የጡረታው ቅጽ ከመፈረሙ ዓመታት ቀድሞ መጀመር ያለበት ጉዳይ ነው። አጎቴ መታወቂያቸውን አውጥተው አዩት፣ የታላቅ እህታቸውንም አስታወሱ። በመዝገቡ መሠረት እሷ ከእሳቸው በሁለት ዓመት ታንሳለች።