የአዳራሽ አቀማመጥ ምንድን ነው? 240 ሰው የሚይዘው አዳራሽ ለምን 120 ብቻ ይመግባል?

አዳማ ውስጥ ለስብሰባ አዳራሽ ሲፈለግ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ይይዛል?» ነው። ትክክለኛው መልስ «እንዴት ተቀምጠው?» የሚል ነው።

12 በ18 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ከፊት 3 ሜትር ለመድረክና ለስክሪን ይለቀቅ። 12 በ15 ቀረን።

በቲያትር ስታይል ወንበር ብቻ ይደረደራል። መሃል ላይ 1.5 ሜትር፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሜትር መተላለፊያ ከተተወ በአንድ ረድፍ 16 ሰው ይቀመጣል። ረድፎቹ በ90 ሳንቲሜትር ከተራራቁ 15 ረድፍ ይገባል፤ 240 ሰው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በስልክ የሚነገራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ክላስሩም ስታይል ለስልጠና ነው። ደብተርና ላፕቶፕ ስላለ ፊት ለፊት ጠባብ ጠረጴዛ ይቀመጣል። 1.8 ሜትር በሚረዝም ጠረጴዛ ሁለት ሁለት ሰው ካስቀመጥን 72 ሰው ያህል ይይዛል። ሦስተኛውም ይገባል፣ ግን ክርን ለክርን ይጋጫሉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። 1.8 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል። የተቀመጠ ሰው ወንበር ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ግማሽ ሜትር ይወጣል። ሁለት ጠረጴዛዎች ሲጎራበቱ ታዲያ ጀርባ ለጀርባ የሆኑት ወንበሮች ብቻ አንድ ሜትር ይበላሉ። አስተናጋጅ ትሪ ይዞ እንዲያልፍ ሌላ ግማሽ ሜትር ይጨመር። ስለዚህ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1.5 ሜትር ያስፈልጋል።

በዚህ ልክ በ12 ሜትሩ ወርድ ሦስት ጠረጴዛ፣ በ15 ሜትሩ ርዝመት አራት ይገባል። 12 ጠረጴዛ፣ 120 ሰው። በወርዱ አራተኛ እንጨምር ካልን ዳር ያሉት ከግድግዳ 15 ሳንቲሜትር ብቻ ይርቃሉ፤ ወንበር አይገባም። ክፍተቱን ወደ አንድ ሜትር አጥብቦ 20 ጠረጴዛ የሚያስገባ አይጠፋም። ባዶውን አዳራሽ ስታዩት ያምራል። ሰው ሲቀመጥ ግን የወንበር ጀርባዎች ይነካካሉ፣ ሾርባውም በእንግዳ አናት ላይ ያልፋል።

የእኛ አገር ቡፌ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። ሁሉም ተነስቶ ይሰለፋል፤ የጾምና የፍስክ ተለይቶ ሲቀርብ ሰልፉም ሁለት ይሆናል። ቡፌው ኮሪደር ላይ ካልወጣ አንድ ረድፍ ጠረጴዛ መነሳት አለበት። 120 የነበረው 90 ይሆናል። እኔ ብሆን ኮሪደሩን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ጠረጴዛ ከነወንበሩ አስቀምጡና ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ አስቀምጡ። አስተናጋጁ ትሪ ይዞ በመሃላቸው ይለፍ። ወደ ጎን ከዞረ ክፍተቱ ጠቧል።