ብሮንኪኤክታሲስ እና ሱዶሞናስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሳንባ ነቀርሳዬ ከዓመታት በፊት ታክሞ ድኗል። አሁን በየጠዋቱ አክታ ያለው ሳል የሚያስለኝ ነቀርሳው ተመልሶ ነው ማለት ነው።»

ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ያደረሰው ጉዳት በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ጤናማ የአየር ቧንቧ ወደ ሳንባው ዳር በሄደ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ውስጡን የሸፈኑት ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላትም አክታውን ያለማቋረጥ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። ነቀርሳ፣ ከባድ የሳንባ ምች፣ በልጅነት የያዘ ትክትክ ወይም ኩፍኝ ግድግዳውን ሲጎዳው ቧንቧው ሰፍቶ ይቀራል፣ የመግፋት ሥራውም ይዳከማል። በተጠራቀመው አክታ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ደግሞ ግድግዳውን ይበልጥ ይጎዱታል፤ ይበልጥ የሰፋው ቧንቧም ይበልጥ አክታ ያቁራል። ብሮንኪኤክታሲስ የሚባለው ሕመም በዚህ አዙሪት የሚባባስ ሲሆን፣ የሚረጋገጠው በተራ ራጅ ሳይሆን በደረት ሲቲ ስካን ነው። በምስሉ ላይ ቧንቧው ከጎኑ ካለው የደም ሥር ሰፍቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ ነቀርሳ የነበረበት ሰው እንደገና ሊታመም ስለሚችል፣ አክታው ለነቀርሳ መመርመሩ አይቀርም። መንስኤውም ሁልጊዜ ያለፈ ኢንፌክሽን አይደለም፤ የበሽታ መከላከል አቅም ጉድለት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሽታ ወይም ለሻጋታ የሚፈጠር አለርጂ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የየራሳቸው ሕክምና ስላላቸው መፈለጋቸው ተገቢ ነው። በብዙ ታማሚዎች ግን ተፈልጎም መንስኤው አይገኝም።

«አክታዬ አረንጓዴ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልገኛል።»

አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ካለ ኢንዛይም ነው፤ በዚህ ሕመም ደግሞ አክታው ደህና በሚባሉት ቀናትም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚጠይቀው ከወትሮው ምን ተለወጠ ብሎ ነው። ሳል፣ የአክታ መጠንና ውፍረት፣ ቀለም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድካም እና ደም መትፋት ከሚባሉት ምልክቶች ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ ለ48 ሰዓት ያህል ከተባባሱ፣ ያ ሕክምና የሚሻ ግርሻ ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከጥልቅ የወጣ አክታ እንጂ ምራቅ ያልሆነ ናሙና ይሰጣል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይፈጃል።

«ሱዶሞናስ ተገኝቶብኛል፤ አንድ ዙር ጠንካራ መድኃኒት ይጨርሰዋል።»

ይህ የሚወሰነው ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ በማየት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ለማጥፋት መሞከር ይገባል፤ የተለመደው አጀማመር የሁለት ሳምንት የሲፕሮፍሎክሳሲን ኪኒን ሲሆን፣ አንዳንዴ በትንፋሽ የሚሳብ አንቲባዮቲክ ለወራት ይከተለዋል። ከዚያ አክታው እንደገና ካልተመረመረ ግን መጥፋቱን ማወቅ አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መዘንጋት የለበትም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን በነቀርሳ ተሕዋስ ላይም በከፊል ስለሚሠራ፣ ነቀርሳ ሳይጣራ ከተሰጠ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል።

ባክቴሪያው በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ በሦስት ወር ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ከታየ፣ ሰፍሯል ይባላል። የሰፈረ ሱዶሞናስ ራሱን በሚያጣብቅ ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ስለሚደብቅ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ዓላማው ከማጥፋት ወደ መቀነስ ይሸጋገራል። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ የተለመዱ ኪኒኖች ሱዶሞናስን አይነኩትም፤ ስለሆነም ቤት ውስጥ የተረፈ ኪኒን መዋጥ ጥቅም የለውም።

«አክታ ማውጣት ማለት በኃይል መሳል ነው።»

በተከታታይና በኃይል መሳል የላሉትን ቧንቧዎች ጨምቆ ይዘጋቸዋል፤ አክታው ከኋላ ይቀራል፣ ታማሚውም ይዝላል። በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጠው ዘዴ የተለየ ነው። ታማሚው ተረጋግቶ ይቀመጥና ትከሻውን ለቆ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በሆዱ በቀስታ ይተነፍሳል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥልቀት ወደ ውስጥ ይስባል፤ በየመሐሉም ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ይይዘዋል። የተያዘው አየር ከአክታው ጀርባ ስለሚገባ ሊገፋው ይችላል። እንደገና በቀስታ ከተነፈሰ በኋላ፣ መካከለኛ ትንፋሽ ስቦ መስተዋት ላይ እንፋሎት ለማሳረፍ እንደሚደረገው አፍንና ጉሮሮን ከፍቶ «ሃ» እያለ ረዘም አድርጎ ያስወጣል፤ ይህ ከታች ያለውን ያነሳል። አክታው ወደ ላይ ሲደርስ በትልቅ ትንፋሽ አጠር ያለ «ሃ» ይደረጋል፤ መሳል የሚመጣው በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ነው።

ይህ ዙር እየተደጋገመ በጠቅላላው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። መቆሚያው የሚታወቀው በተከታታይ ሁለት ዙር የ«ሃ»ው ድምፅ ሳይንኮራኮር ደረቅ ሆኖ ሲሰማ ነው። በመሐሉ ጉሮሮ ከተቧጠጠ ወይም ደረት ማፏጨት ከጀመረ፣ «ሃ»ው በጣም ኃይለኛ ሆኗል ማለት ነው፤ ራስ ማዞር ከመጣ ደግሞ ጥልቅ ትንፋሾቹ በዝተዋል ማለት ስለሆነ፣ ወደ ቀስታው መመለስ ያስፈልጋል። ብዙ ደም ከተተፋ ልምምዱ ቆሞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

«ደጋግሞ ስለሚያመኝ አንቲባዮቲኩን ሳላቋርጥ ብወስደው ይሻለኛል።»

ይህን ውሳኔ በአንዲት የ52 ዓመት ታማሚ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ነቀርሳ ታክማ ድናለች፤ ሱዶሞናስ በሦስት ናሙናዎች ታይቷል፤ ባለፉት 12 ወራት አራት ጊዜ ግርሻ አጋጥሟታል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ግርሻ ያለበት ሰው የረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ ሊታሰብለት ስለሚችል፣ በቁጥሩ ብቻ ከሆነ ትገባለች። ሐኪሟ ግን አክታ የማውጣት ልምዷን ሲጠይቃት የምትሠራው ሲብስባት ብቻ እንደነበር ተረዳ። ስለዚህ መጀመሪያ በቀን ሁለት ጊዜ እንድትሠራ ተደረገ፤ አክታውን የሚያቀጥን በእንፋሎት መልክ የሚሳብ ጨዋማ ውሃም ታከለላት። ይህን ስድስት ወር በትክክል አድርጋ ሁለት ጊዜ ገረሸባት፤ ፍጥነቱ እንደ ቀድሞው ስለሆነ አሁን መድኃኒቱ ተገቢ ሆነ።

ሱዶሞናስ ስለሰፈረባት የተመረጠላት በትንፋሽ የሚሳብ ኮሊስቲን ነው። የመጀመሪያው መጠን ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል በሐኪም ቤት ተሰጣት፤ የትንፋሽ አቅሟም ከመሳቧ በፊትና በኋላ ተለካ። በቤት ውስጥ ቅደም ተከተሉ ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት፣ ጨዋማው ውሃ፣ አክታ ማውጣት፣ ከዚያ ኮሊስቲን ነው፤ አክታ ሳይወጣ የተሳበ መድኃኒት ከአክታው ላይ ያርፋልና።

ኮሊስቲን ባይስማማት ኖሮ አማራጩ በሳምንት ሦስት ቀን የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ነበር። እሱም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ በኢሲጂ፣ የጉበትና የመስማት ሁኔታ ይታያል፤ አክታውም ከነቀርሳ ጋር ተዛማጅ ለሆኑ ማይኮባክቴሪያዎች ይመረመራል። እነዚህ ተሕዋስያን ካሉ አዚትሮማይሲን ብቻውን መስጠት መድኃኒት የማይበግራቸው ያደርጋቸዋል፤ በኋላም ዋናው መድኃኒታቸው ይባክናል።

የተጀመረው መድኃኒት ከስድስት ወር በኋላ ይገመገማል። ታማሚዋ የግርሻዎቿን ቀን በማስታወሻ መዝግባ ትመጣለች፤ ቁጥሩ ካልቀነሰ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀየራል።