የመሸጋገሪያ ወቅት ምንድን ነው? መሀል አዲስ አበባን ለማየት የትኛው ጊዜ ይሻላል?

በጉዞ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል። ጎብኚ የሚጎርፍበት፣ ዋጋ የሚሰቀልበት፣ አልጋ ለማግኘት ቀድሞ መያዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ ከፍተኛው ወቅት ነው። ጎብኚ የሚጠፋበትና ሆቴሎች ዋጋ የሚቀንሱበት ደግሞ ዝቅተኛው። በሁለቱ መካከል፣ አንዱ አልቆ ሌላው ሳይጀምር የሚገኙት ጥቂት ሳምንታት የመሸጋገሪያ ወቅት ይባላሉ። የሚወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አየሩ ገና ደህና ሆኖ ሕዝቡ ግን ቀንሷል፤ ወይም ሕዝቡ ሳይመጣ አየሩ ቀድሞ ተስተካክሏል።

ይህ አከፋፈል ጥሩ የሚሠራው አየርና ዋጋ አብረው በሚወጡበትና በሚወርዱበት ቦታ ነው። በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ፀሐይዋ ስትደምቅ ዋጋው ይወጣል፣ ስትደበዝዝ ይወርዳል። መሀል አዲስ አበባ ግን እንዲህ አይደለችም። እዚህ ሰማዩ አንድ የቀን መቁጠሪያ አለው፣ በዓላቱ ሌላ፣ አውሮፕላኑ ሌላ፣ የስብሰባ አዳራሹ ደግሞ ሌላ። አራቱ እምብዛም አይገጥሙም። ስለዚህ ከተማዋን ለማየት የሚያስብ ሰው «ከፍተኛው ወቅት መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የማን ከፍተኛ ወቅት ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከሰማዩ ልጀምር። ክረምቱ ከሰኔ ይገባና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ማለዳው ብዙ ጊዜ ብሩህ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ግድም እንጦጦ ላይ ደመናው ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይከተላል፣ አንዳንድ ቀንም በረዶ ይጥላል። ይህ ለመኪና ተሳፋሪ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። የመሀል ከተማው ጣዕም ያለው ግን በእግር ጉዞ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አይቶ፣ ወደ አራት ኪሎ ወርዶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ገብቶ፣ በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ጎብኝቶ፣ በመጨረሻም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገኘውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ማየት አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላው በዝናብ ከተወሰደ ከዚህ መንገድ ግማሹ ይቀራል።

አሁን የአውሮፕላኑን እንመልከት። በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ልክ በእኛ ክረምት ነው። በውጭ የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መምጣት የሚችለው ያኔ በመሆኑ የአውሮፕላን ትኬት ይወደዳል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አስገራሚ ነገር ይፈጠራል፤ የሆቴሉ ዋጋ ረክሶ፣ ትኬቱ ተወድዶ፣ ከሰዓት በኋላው በዝናብ ተይዞ ይገኛል። አንድ ሰው «ዝቅተኛ ወቅት ስለሆነ ይረክሳል» ብሎ ቢመጣ፣ በአልጋ ላይ ያተረፈውን በትኬት ይከፍላል።

በዓላቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 16 የሚበራው ደመራ፣ በመስከረም ሃያዎቹ የሚውለው ኢሬቻ፣ ከዚያ ገና፣ ከዚያ ጥር 11 ጥምቀት። በደመራ ከሰዓት በኋላ መስቀል አደባባይና አካባቢው ለመኪና ዝግ ነው። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱና ሲመለሱ የስድስት ኪሎና የፒያሳ መንገዶች በሕዝብ ይሞላሉ። ጥር በተጨማሪ የሰርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመዳር የሚፈልገው ሁሉ አዳራሹንና ሆቴሉን ይሻማል።

አራተኛውን፣ ማለትም የስብሰባውን የቀን መቁጠሪያ፣ ብዙ ጎብኚ አያስበውም። እኔ ግን ለመሀል አዲስ አበባ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የውጭ አገር አስጎብኚ ድርጅቶች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ከፍተኛ ወቅት ብለው ይጽፋሉ፤ ለሰሜንና ለደቡብ መስመር እውነታቸውን ነው። እነዚያ ቡድኖች ግን አዲስ አበባ ላይ የሚያድሩት ሲገቡና ሲወጡ አንድ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። የከተማዋን ትልልቅ ሆቴሎች የሚሞላቸው የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተሰብሳቢ ነው። የካቲት ላይ የኅብረቱ መሪዎች ጉባኤ ሲደረግ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ሆቴሎች በልዑካን ይያዛሉ፣ መንገዶች ለአጀብ ይዘጋሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የየካቲት የመጀመሪያ ሳምንታት ፍጹም የመሸጋገሪያ ወቅት ይመስላሉ። ጥምቀት አልፏል፣ ዝናብ የለም፣ የውጭ ትምህርት ቤቶች አልተዘጉም። ሆኖም አልጋው ከዓመቱ ሁሉ የሚወደደው በእነዚያ ቀናት ሊሆን ይችላል። ይህን ሐሰተኛ የመሸጋገሪያ ወቅት ለመለየት የጉባኤውን ቀን አስቀድሞ ማጣራት ይበቃል። በሆቴል በኩልም ምልክት አለ፤ የክፍሉ ዋጋ ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው በድንገት ከዘለለ፣ ወይም ሆቴሉ ቢያንስ ሦስትና አራት ሌሊት ካልያዙ አልቀበልም ካለ፣ ወይም ቢሰርዙ ገንዘብ አይመለስም ካለ፣ በዚያ ሰሞን ከተማዋ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ አራቱን ደራርቦ ማየት ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ በዓሉ አልፎ፣ ትኬቱ ረግቶ፣ ጉባኤው ርቆ የሚገኘው ሰፊው ክፍተት ኢሬቻ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት መጀመሪያ አንስቶ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ነው። ሁለተኛው ጉባኤው ከተበተነ በኋላ የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ነው፤ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ሲከበር ለማየትም ይመቻል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ግንቦትም አይጠላም፣ የበልግ ዝናብ ግን አልፎ አልፎ ያስቸግራል።

ባለፈው ዓመት በውጭ አገር የምትኖር ታላቅ የአክስቴ ልጅ ከባለቤቷ ጋር ለዐሥር ሌሊት ልትመጣ አስባ ደወለችልኝ። «አንተ እዚያው አራት ኪሎ ስላለህ ንገረኝ፤ በሐምሌ ሆቴሉ ረክሶ አየሁት፣ ልያዘው?» አለችኝ። እኔም ዋጋውን በሌሊት ሳይሆን በሚጠቅም ግማሽ ቀን እንድታካፍለው ነገርኳት። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድናቸው ናቸው። በሐምሌ አልጋው 4,000 ብር፣ በጥቅምት 5,000፣ በመስቀል ሰሞን 6,500 ነው እንበል። ዐሥር ቀን ሃያ ግማሽ ቀን አለው። በሐምሌ ዝናቡ ሰባት ከሰዓት በኋላዎችን ቢወስድ ዐሥራ ሦስት ይቀራል፤ 40,000 ለ13 ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ቀን 3,077 ብር ግድም ይደርሳል። በጥቅምት አንድ ብቻ ቢጠፋ 50,000 ለ19 ሲካፈል 2,632 ብር ነው። በመስቀል ሰሞን በተዘጋ መንገድና በተዘጋ ሙዚየም አራት ቢጠፋ 65,000 ለ16 ተካፍሎ 4,063 ይሆናል። በሌሊት ሲታይ ርካሽ የነበረው ሐምሌ፣ በግማሽ ቀን ሲታይ ከጥቅምት ይወደዳል።

ይህ ስሌት ወሰን አለው፤ የአክስቴ ልጅም ወዲያው ደረሰችበት። «ደመራን ካላየሁ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለች። እውነት ነው። ለደመራ ለሚመጣ ሰው የዚያ ምሽት ዋጋ ከሌላ ምሽት ጋር አይነጻጸርም። መስቀል አደባባይ በችቦና በዝማሬ ሲሞላ ማየት በጥቅምት በምንም ገንዘብ አይገኝም። የመሸጋገሪያው ወቅት ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው፤ ከተማዋን በሥራ ቀን መልኳ ያሳያል እንጂ በነጭ ልብሷ አያሳይም። በጥቅምት የእንጦጦ አደይ አበባም መርገፍ ይጀምራል።

ሌሎች ጉድለቶቹ አነስተኛ ናቸው፣ ቢታወቁ ግን ይሻላል። ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዐሥር ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ መካከለኛ ሆቴሎች ማሞቂያ ስለሌላቸው ወፍራም ሹራብና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። የጾሙን ጊዜ ማየትም አይዘነጋ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ነው። በእነዚህ ሳምንታት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ሥራ ይቀንሳሉ። በየዓይነቱን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ክትፎ ብሎ ከባሕር ማዶ የመጣ ግን ሊያዝን ይችላል። ጥቅምትን ከየካቲት መጨረሻ የማስበልጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በጥቅምት ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር ሁሉም ገበታ ክፍት ነው።

በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ወቅቶች የሚያጣምር መንገድ መረጠች። መስከረም 15 ገብታ ሦስት ሌሊት ዘመድ ቤት አደረች፤ ከሁሉም የሚወደዱትን ምሽቶች የሆቴል ኪራይ ሳትከፍል ደመራውን አየች ማለት ነው። መስቀል እንዳለፈ ከባለቤቷ ጋር ለጥቂት ቀን ሐዋሳ ወረዱ፤ በዚህም የኢሬቻን የመንገድ መዘጋት አመለጡ። ጥቅምት ሲጠባ ተመልሰው ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ያዙና ሙዚየሞቹን በእግር ዞሩ። የመመለሻ ትኬታቸውን በጥቅምት ያደረጉትም ቀናቱን ወዲያና ወዲህ እያዟዟሩ ዋጋውን ካነጻጸሩ በኋላ ነው። ይህን መንገድ ለመከተል የሚፈልግ ሰው ለጥቅምቱ ሆቴል በድረ ገጽ ያየውን ዋጋ ይዞ በቀጥታ ስልክ ይደውል። ክፍሉ ባዶ በሚያድርበት ሰሞን የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ቁርስ ለመጨመር ወይም ለስድስት ሌሊት ዋጋ ለመቀነስ ፈቃደኛ ይሆናል፤ በመስቀል ሳምንት ግን ይህን ለመጠየቅም ጊዜ አይሰጥም።