እንግዳችሁ እንቁላል ወይም ለውዝ የማይስማማው ከሆነ፦ በጋራ ማእድ ቤት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ከዶሮ ወጡ ላይ እንቁላሉን ካወጣሁለት ይበቃል»

አይበቃም። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው የእንቁላሉ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ እንቁላሉ ቢወጣም መረቁ ውስጥ ይቀራል። ቁሌቱ እንዲዘልቀው ብለን እንቁላሉን በቢላ ጫር ጫር ስናደርገው፣ ወይም ሲማሰል አንዱ ሲፈርስ፣ ፍርፋሪው ከወጡ ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ በኋላ ለይቶ ማውጣት የሚቻል አይደለም።

መፍትሔው የእንግዳውን ድርሻ ቀድሞ መቀነስ ነው። ወጡ በስሎ፣ መከለሻው ገብቶ፣ እንቁላሉ ገና ሳይላጥ፣ በንጹሕ ጭልፋ ሁለት ብልትና በቂ መረቅ ወደ ትንሽ ድስት ይውጣ። ድስቱ ይከደንና ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እንቁላሉ የሚላጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንቁላል የላጠ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ያንን ክዳን አይንካ፤ ሲሞቅም በራሱ ድስት፣ ሲወጣም በራሱ ጭልፋ ይሁን። ማእድ ቤቱን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ድስቱ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ የማን እንደሆነ ጻፉበት። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው «ልቅመሰው» ብሎ እንቁላል ያለበትን ማንኪያ ቢነክርበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። ቤት የታረደችው ሴት ዶሮ ከሆነች ሆዷ ውስጥ ገና ያልተጣሉ የእንቁላል ፍሬዎች ሊገኙ ይችላሉ፤ ከብልቱ ጋር አብረው ታጥበው ወጥ ውስጥ ይገባሉ። ለእንዲህ ያለ እንግዳ አውራ ዶሮ ማረድ ይሻላል።

«እንቁላል ካልተስማማው ዶሮውንም አይበላም ማለት ነው»

አብዛኛው እንቁላል የማይስማማው ሰው የዶሮ ሥጋ ያለ ችግር ይበላል፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች የተለያዩ ናቸው። ለሁለቱም አለርጂ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ ግን ዶሮውን ከማረድ በፊት እንግዳውን ጠይቁት።

«በደንብ ከበሰለ እሳቱ ያጠፋዋል»

ለውዝ ላይ ይህ ፈጽሞ አይሠራም። የተቆላ ለውዝም ቢሆን አለርጂ ይቀሰቅሳል፤ መቁላቱ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

እንቁላል ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። እንቁላል የማይስማማቸው ብዙ ልጆች ኬክ ውስጥ ያለውን ይችሉታል፤ ምክንያቱም በዱቄት ተለውሶ በ180 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል ሲጋገር የእንቁላሉ ፕሮቲን ይቀየራል። የተቀቀለ እንቁላል ወይም እንቁላል ፍርፍር ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ እናቱ «ልጄ ኬክ ይበላል» ብላ ስትነግራችሁ የፈቀደችው ኬኩን ብቻ ነው። ጨርሶ እንቁላል የማይነካ ሰውን ደግሞ «የተጋገረ ይስማማህ ይሆናል» ብሎ መሞከር የሐኪም እንጂ የጋባዥ ሥራ አይደለም። «ነጩን ትቼ አስኳሉን ልስጠው» የሚለውም ያው ነው፤ ነጩን ከአስኳሉ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም።

«የጾም ምግብ ከሠራሁ ምንም ስጋት የለውም»

ከእንቁላል አንጻር ጥሩ መነሻ ነው፤ ምስር ወጥ፣ አተር ክክ፣ ጎመን እንቁላል የሚገባባቸው ምግቦች አይደሉም። ለውዝ ለማይስማማው ግን የጾም ወቅት ይበልጥ ያሰጋል። የለውዝ ቅቤ ከዳቦ ጋር የሚቀርበው፣ የለውዝ ሻይ የሚፈላው፣ ቆሎው ላይ ለውዝ የሚደባለቀው በጾም ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎው በአንድ ሳህን ይዞራል፤ ለውዙን ለቅሞ ማውጣት የተደባለቀውን ገብስ አያጸዳውም። የእንግዳው ቆሎ ለብቻው፣ ለውዝ ባልተቆላበት መጥበሻ ይቆላ።

ለውዝ ስንል እንግዳው ምኑን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። ኦቾሎኒ፣ ካሹና አልሞንድ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውን ሊበላ ይችላል፣ ላይበላም ይችላል። ሽሮውና በርበሬው የተፈጨበት ወፍጮ ለውዝም ይፈጭበት እንደሆነ ማጣራትም ተገቢ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ2006 ጀምሮ በሕግ መሠረት የታሸገ ምግብ ላይ ለውዝና እንቁላል በስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ «ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው፤ አለመጻፉ ዋስትና አይሆንም። ከአገር ቤት በላስቲክ ተቋጥሮ የመጣ ሽሮ ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለውም። ምንጩን ካላወቃችሁት ለዚህ እንግዳ አትሥሩበት።

«እጄን በሳኒታይዘር አጽድቻለሁ፣ ዕቃውንም ለቅለቅ አድርጌዋለሁ»

ሳኒታይዘር የሚገድለው ጀርም ነው፤ የለውዝ ፕሮቲን የሚገደል ነገር ሳይሆን ተጠርጎ መወሰድ ያለበት ነው። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይህን ያደርጋል፤ ውሃ ብቻውን ግን ሙሉ በሙሉ ላያስወግደው ይችላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ፍርፋሪውን በወረቀት ጥረጉት፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እሹት፣ ከዚያ አለቅልቁት። ስፖንጁ ግን አዲስ መሆን አለበት። የለውዝ ቅቤ ያለበትን ቢላ ያጠበ ስፖንጅ ንጹሑን ሳህን ይበክላል።

የእንጨት ማማሰያ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ የተቧጨረ መጥበሻ ስንጥቃቸው ውስጥ ስለሚይዙ በእጥበት አትተማመኑባቸው። ለዚያ ቀን ብረት ድስትና ብረት ጭልፋ ይበቃል። እንቁላል ወይም ለውዝ የነካው ነገር የተጠበሰበት ዘይትም ተመልሶ ለእንግዳው አይውልም። ከሁሉም የሚቀለው ግን የእንግዳውን ምግብ ጠዋት፣ ቤቱ ንጹሕ ሳለ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ መክደን ነው።

«ለብቻው በሳህን ማቅረብ እንግዳን ማግለል ነው»

ይህ የልብ ጉዳይ ነው፤ ስሜቱም ይገባኛል። ግን ትሪ ላይ እንቁላሉን የቆረሰ እጅ ወደ ጎመኑም ይሄዳል። ጉርሻ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ አክብሮ የሚያጎርሰው ሰው እጅ ላይ ምን እንዳለ እንግዳው አያይም፣ እንቢ ማለትም ይከብደዋል። አንድ ማእድ ላይ አብሮ ተቀምጦ ከራሱ ሳህን፣ ከራሱ እንጀራ መብላት ይችላል። እንግዳው በሰው ፊት እንዲያስረዳ ሳይገደድ፣ ጋባዧ አስቀድማ «እሱን ዛሬ አታጉርሱት» ብትል ይቀለዋል።

«ከበላ ወተት ይጠጣና ያረክሰዋል፤ ካልሆነም የማሳከክ ክኒን አለ»

ወተት አለርጂን አያረክስም፤ ለማስታወክ መሞከርም አይረዳም። ክኒኑ ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮን አይከፍትም፣ የሚወድቅ የደም ግፊትን አያነሣም። ያንን የሚያደርገው አድሬናሊን ነው። ሽፍታ ሳይታይም ከባድ አለርጂ ሊኖር ይችላል። ድምፁ ከጎረነነ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራሱን ካዞረው አትጠብቁ።

የአድሬናሊን መርፌ ይዞ ከሆነ ወዲያውኑ የጭኑ ውጪኛ ጎን ላይ፣ በልብሱም ላይ ቢሆን ይወጋ። ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ፤ አዲስ አበባ 907፣ አሜሪካ 911 ነው። መርፌው ከሌለ ጊዜ ሳታጠፉ ጥሩ። አጋድሙትና እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መተንፈስ ካቃተው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ግን እንዲቆምና እንዲሄድ አታድርጉት። ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ እንግዳው ከመቀመጡ በፊት መርፌው የት ኪስ ውስጥ እንዳለና ማን መውጋት እንደሚችል ጠይቁት።