ኪሳራ ማሸጋገር ምንድን ነው? «አምስት ዓመት» የሚለው ቁጥር ያሳሳታቸው ነጋዴዎች

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ንግድ ግብር ሲያስረዳ «ከከሰርክ አትጨነቅ፣ የአምስት ዓመት ኪሳራህን መንግሥት ያካክስልሃል» አለ። ይህን አባባል ከደሴ እስከ ወልዲያ ስንት ነጋዴ ሲደግመው ሰምቻለሁ። አሁንስ በዛ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስህተቶች አሉ። ሁለቱም ሰው ያስከፍላሉ።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ድርጅት በአንድ የግብር ዓመት ከከሰረ፣ ኪሳራውን ወደሚቀጥለው ዓመት ወስዶ ከዚያ ዓመት ትርፍ ላይ ይቀንሰዋል። የቀረውን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ያሻግራል። ሕጉ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979 ነው። የግብር ዓመት ብዙውን ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን የምታውቁት ነው።

አሁን ወደ ስህተቶቹ። መንግሥት ኪሳራን አያካክስም። ኪሳራ የሚቀነሰው ከትርፍ ላይ ነው፣ ከግብሩ ላይ አይደለም። ትርፍ ከሌለ የሚቀነስለት ነገር የለም፤ ማንም ገንዘብ አይመልስላችሁም። ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። አምስት ዓመት የአንድ ኪሳራ ዕድሜ ነው። የስንት ዓመት ኪሳራ ማሸጋገር ይቻላል ለሚለው መልሱ ሁለት ነው። ሕጉ የሚፈቅደው የሁለት የግብር ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው። ሦስተኛ የኪሳራ ዓመት ቢመጣባችሁ ያ ኪሳራ የትም አይሻገርም።

የባቲን ገበያ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ ያስበው። ኪሳራ ጭነት ነው። ትርፍ ግመል ነው። ግመል በሌለበት ዓመት ጭነቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ደካማ ግመል ሲመጣ አቅሙ የቻለውን ያህል ይወስዳል፣ የቀረው ቀጣዩን ይጠብቃል። ቀድሞ የታሰረው ጭነት ቀድሞ ይነሣል። እያንዳንዱ ጭነት አምስት መንገድ ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው እዚያው ይቀራል። የሚፈቀደው ደግሞ ሁለት ጭነት ነው፣ ሦስተኛውን የሚያስር የለም። ምሳሌው የማይይዘው አንድ ቦታ አለ። የግመሉ ባለቤት «ዛሬ ግመሌ ይረፍ፣ ነገ ይጫን» ሊል ይችላል። ግብር ከፋይ ግን እንዲህ ማለት አይችልም። ያተረፈበት ዓመት ሲመጣ ኪሳራው እዚያው ይቀነሳል። «ዘንድሮ ትርፌ ትንሽ ስለሆነ ለከርሞ ላቆየው» የሚባል ነገር የለም።

በቁጥር እንየው። ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ቁጥሮቹን ሆን ብዬ አቅልያቸዋለሁ። ድርጅት ስለሆነ ግብሩ ከትርፉ 30 በመቶ ነው።

በ2012 ኮሮና ሲገባ ሥራው ቀዘቀዘ፣ 300,000 ብር ከሰረ። በ2013 ትንሽ ተነሣና 120,000 አተረፈ። ይህ ትርፍ ከ2012 ኪሳራ ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀነሰ። ስለዚህ ግብር የለም፤ ከ2012 ኪሳራ 180,000 ቀረ። ከዚያ 2014 መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ብረታ ብረቱ ተዘረፈ፣ ማሽኑ ተሰበረ። ያ ዓመት በ900,000 ብር ኪሳራ ተዘጋ። በ2015 ደንበኛ ገና አልተመለሰም ነበር፤ 250,000 ከሰረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 2012 አንድ፣ 2014 ሁለት። የ2015ቱ ሦስተኛ ነው። ያ 250,000 አይሸጋገርም። ባለቤቱ «ገና አምስት ዓመት አልሞላኝም» ቢል ልክ ነው፣ ግን የተጠየቀው እሱ አይደለም።

በ2016 ድርጅቱ 500,000 አተረፈ። መጀመሪያ የሚቀነሰው የ2012ቱ 180,000 ነው። የቀረው 320,000 ከ2014 ኪሳራ ላይ ይነሣል። ግብር የለም። ከ2014 ኪሳራ 580,000 ቀረ። በ2017 ትርፉ 700,000 ሆነ። 580,000 ሲቀነስ ግብር የሚከፈልበት 120,000 ብር ይቀራል። 30 በመቶው 36,000 ብር ነው። ይህን ይከፍላል።

ያ ተንታኝ ቢያሰላው ሦስቱን ኪሳራ ደምሮ 1,450,000 ያደርገዋል። ትርፉ በሦስቱ ዓመታት 1,320,000 ነው። ስለዚህ «ምንም አትከፍልም፣ እንዲያውም 130,000 ይተርፍሃል» ይለው ነበር። ባለቤቱ ይህን አምኖ ዜሮ ግብር አስታውቆ ቢሆን 36,000ው ከነቅጣቱና ከነወለዱ ኦዲት ላይ ይመጣበታል። ከዚህ የባሰ የሚያሰሉም አሉ። የ700,000 ግብር 210,000 ነው፣ ከዚህ ላይ 580,000 ቀንስ፣ መንግሥት 370,000 አለብህ ይላሉ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ይዞ ገቢዎች ቢሮ የሚሄድ ሰው ቀኑን ከማባከን ሌላ የሚያገኘው የለም።

በዚህ ምሳሌ የኔን ትኩረት የሚስበው የ2012ቱ ኪሳራ ነው። ትንሽ ነበር፣ ግን ከሁለቱ ዕድሎች አንዱን በላ። እዚህ ላይ የሂሳብ ሠራተኞች ጥፋት ብዙ ነው። የሰኔ ሥራን የሐምሌ አድርጎ መመዝገብ የተለመደ ነው። በሩ ተሠርቶ፣ ተገጥሞ፣ ገንዘቡ ግን ሐምሌ ላይ ሲከፈል «ገቢው የሚቀጥለው ዓመት ነው» ይባላል። አይደለም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ገቢውን የሚመዘግበው ባገኘበት ዓመት ነው፣ ብሩ እጁ በገባበት ቀን አይደለም። እንዲህ ባለ አመዘጋገብ የ20,000 ወይም የ30,000 ብር ኪሳራ በወረቀት ላይ ይወለዳል። ባለቤቱም ለዘንድሮ ግብር ቀረልኝ ብሎ ይደሰታል። በዚህች ትንሽ የሐሰት ኪሳራ አንዱን ዕድል አቃጥሏል። እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚጎድለው እሱ ነው። ኦዲት ላይ ቢታወቅ ደግሞ ያላስመዘገበው ገቢ ጣጣ ለብቻው ይመጣል።

ሌላም አለ። መዝገባችሁ ላይ የሚታየው ኪሳራና ለግብር የሚታወቀው ኪሳራ አንድ አይደሉም። ያ የብረታ ብረት ድርጅት በ2014 መዝገቡ ላይ የወጣው ኪሳራ 1,000,000 ነበር እንበል። ከዚያ ውስጥ 100,000ው የባለቤቱ የቤት ወጪ፣ የትራፊክ ቅጣትና ደረሰኝ የሌለው ግዢ ነው። እነዚህ በግብር ሕጉ ተቀናሽ ወጪ ስላልሆኑ ተመልሰው ይደመራሉ። ለዚህ ነው 900,000 ብዬ የጀመርኩት። የተዘረፈ ብረትም የሚያዘው በተገዛበት ዋጋ ነው። «ብሸጠው ይህን ያህል ያወጣልኝ ነበር» ተብሎ አይያዝም። ማሽኑም የእርጅና ተቀናሹ ከተነሣለት በኋላ መዝገብ ላይ በቀረው ዋጋ ነው የሚታየው። አምስት ዓመት የሠራ ማሽን በአዲሱ ዋጋ ኪሳራ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ አያስኬድም።

ማስረጃው ላይ ደግሞ ወሎ የራሱ ችግር አለው። ኪሳራ እንዲሸጋገር ኪሳራውን የሚያሳየው የሂሳብ መዝገብ ተመርምሮ በታክስ ባለሥልጣኑ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት አለበት። እኔ ከስሬያለሁ ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። በ2014 ከዕቃው ጋር መዝገቡም ደረሰኙም የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ለሆነበት ሰው ከሻጮች የደረሰኝ ቅጂ፣ ከባንክ የሂሳብ መግለጫ፣ ከጉምሩክ የዕቃ ሰነድ፣ ከወቅቱ ሪፖርት ጋር ማሰባሰብ ነው ያለው መንገድ። ከቀበሌ የመጣ «ንብረቱ ወድሟል» የሚል ደብዳቤ ዝርፊያ መኖሩን ያሳያል፤ ስንት ኩንታል ብረት በስንት ብር እንደነበረ ግን አያሳይም። ኪሳራውን የሚሸከመው ያ ቁጥር ነው። የኪሳራውን ዓመት ሰነድ ደግሞ ኪሳራው ተቀንሶ እስኪያልቅ ድረስ አትጣሉት። በምሳሌያችን የ2014 ሰነድ የሚያስፈልገው የ2017 ግብር ሲታይ ነው።

ኪሳራው ከምን ላይ እንደሚቀነስም ይሳታል። የኢትዮጵያ ገቢ ግብር እንደ ገቢው ዓይነት በሰንጠረዥ የተከፋፈለ ነው። የንግድ ኪሳራ ከንግድ ትርፍ ላይ ይቀነሳል። ሱቁ የከሰረ መምህር ከደመወዙ ላይ ለሚቆረጠው ግብር «ኪሳራዬን ያዙልኝ» ማለት አይችልም። ከቤት ኪራይ ገቢውም ላይ አይቀንስም። ወደ ኋላም አይሄድም፤ የ2014 ኪሳራ የ2013ን ግብር አያስመልስም። ወደ ኋላ መመለስ የሚፈቀደው ለረጅም ጊዜ የሥራ ውል ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ዓመታት ለሚፈጅ ግንባታ። ግብራቸው ከዓመታዊ ሽያጫቸው ተነሥቶ በግምት የሚሰላ ትንንሽ ነጋዴዎችን በተመለከተ ደግሞ ከመነሻው የሚሸጋገር ኪሳራ የለም። ትርፍና ኪሳራቸው በመዝገብ አልተሰላምና።

ከ2018 የግብር ዓመት ጀምሮ የሚታሰብ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ዝቅተኛ ግብር የሚባል ነገር አምጥቷል፤ ልኩ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ ነው። ከትርፍ ተሰልቶ የመጣው ግብር ከዚህ ካነሰ ዝቅተኛው ይከፈላል። ስለዚህ «ኪሳራ ስላለኝ ዜሮ እከፍላለሁ» ብላችሁ የዓመቱን ገንዘብ አትጨርሱ። በዓመት 6 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ድርጅት ዝቅተኛው 150,000 ብር ነው። ለዚህ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከወዲሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።